«5 ዓመት ማለት 5 ዓመት ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ማስታወቂያው 5 ዓመት ካለ 5 ዓመት ነው። 4 ዓመት ከ10 ወር ያለው አመልካች አላሟላም፤ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።»

ጽሑፉን ያነበብኩት አንድ የቅጥር ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ክፍት ሆኖ ነው። ከጸሐፊው ጋር የምንሠራው ሥራ አንድ ነው፤ እኔም ማመልከቻ አጣራለሁ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ እቀመጣለሁ፣ ማን እንደተወሰደና ለምን እንደተወሰደ እጽፋለሁ። የጻፉትን በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነጥቦቻቸውን እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ። በአንዱ ላይ ትክክል ናቸው፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ይህ 5 የሚባለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ እንይ። አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ስልክ ይደውላል፤ ሰው እንደለቀቀበት ይናገራል። «ስንት ዓመት ልጻፍ?» እለዋለሁ። «ያው አምስት በለው» ይለኛል። ለምን አምስት እንደሆነ ቢጠየቅ ያለፈው ማስታወቂያ እንደዚያ ይል ስለነበር፣ ወይም የለቀቀው ሠራተኛ አምስት ዓመት ገደማ ስለነበረው፣ ወይም የደመወዝ እርከኑ ሰንጠረዥ ላይ ከዚያ ደረጃ አጠገብ 5 ስለተጻፈ ነው። በእርግጥ ታስቦበት የተጻፈ ቁጥርም አለ፤ እሱ ግን ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ አሁን ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «አምስተኛ ዓመቱ ላይ ያለ ሰው የሚችለው፣ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ያለው የማይችለው ምንድን ነው?» ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ፋይል የሒሳብ ባለሙያ ቅጥር ነው፤ ኃላፊዋ ትንሽ ካሰበች በኋላ ሦስት ነገር ነገረችኝ። የዓመቱን ሒሳብ ያለ ረዳት ይዝጋ። የውጭ ኦዲተር ሲመጣ ፊት ለፊት ቀርቦ ያስረዳ። ሁለት ጀማሪ ሠራተኞችን ይምራ። አምስት ዓመት የተባለው እነዚህን ሦስቱን የሚችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አካባቢ ስለሚገኝ ነው። ቁጥሩ የችሎታው ምልክት ነው፤ ምልክቱ የተሳሳተ ሰው ላይ ሊወድቅ፣ ትክክለኛውንም ሰው ሊያልፈው ይችላል።

በዚህ ቅጥር የሆነውም ይኸው ነው። አንዷ አመልካች 3 ዓመት ከ7 ወር፣ ማለትም 43 ወር ሠርታለች፤ ከ60 ወር 17 ይጎድላታል። ሌላው አመልካች 8 ዓመት አለው። በጸሐፊው መንገድ ቢጣራ እሷ ከመጀመሪያው ገጽ ትወድቃለች፣ እሱ ያልፋል። ፋይሎቹ ሲገለጡ ግን የእሷ 43 ወር ያለፈው ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ ሦስት ሰው ብቻ ባለበት የሒሳብ ክፍል ነው። ሦስት የዓመት መዝጊያ አልፋለች፤ በመጀመሪያው ረዳት ነበረች፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ራሷ ሠርታ ኃላፊዋ አይቶ ፈርሟል። ሁለቱንም ጊዜ የኦዲተሮቹን ጥያቄ የመለሰችው እሷ ነች። የእሱ 8 ዓመት በሙሉ ያለፈው ትልቅ ተቋም ውስጥ፣ በአቅራቢዎች ክፍያ ላይ ነው። ክፍያውን በንጽህና ሠርቷል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ያመሰግነዋል። ዓመት ሲዘጋ ግን መዝጊያው የሌላ ክፍል ሥራ ነበር፤ አንድም ጊዜ እጁ አልገባበትም።

«ልምድ በዓመት ካልተለካ በምን ሊለካ ነው? በስሜት?»

በብዛትና በዓይነት ይለካል። ሰውየው ያንን ሥራ ስንት ጊዜ ሠራው? በየትኛው የኃላፊነት ደረጃ ሠራው? ዓመት ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሩቁ የሚቆም ምትክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኪኞኔስ፣ ፎርድና ቲቻውት የተባሉ ተመራማሪዎች ቀድሞ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ልምድን በተለያየ መለኪያ አወዳድረው ነበር። ከሥራ ውጤት ጋር የነበረው ዝምድና ልምዱ በጊዜ ሲለካ 0.27፣ ሥራው በተሠራበት ብዛት ሲለካ 0.43 ሆነ። ዜሮ ምንም ዝምድና የለም ማለት ነው፤ አንድ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቫን ኢዲኪንጅና ባልደረቦቹ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ከመቀጠራቸው በፊት ያከማቹት ልምድ በአዲሱ መሥሪያ ቤት ከሚያሳዩት ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.06 ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ።

ይህን 0.06 ይዞ «ልምድ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ እሱም ልክ አይደለም። ጥናቱ የሚያየው የተቀጠሩትን ነው። የተቀጠሩት ደግሞ አንድ ጊዜ ተጣርተው ያለፉ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከመጀመሪያው የጠበበ ነው። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ከአምስት ዓመት ባለሙያ እኩል ነው የሚል መደምደሚያ ከዚያ አይወጣም። የሚወጣው ሌላ ነው፦ መስፈርቱን ካለፉ ሰዎች መካከል 8ን ከ5፣ 5ን ከ4 በማስበለጥ ብቻ የተሻለውን ሰው አናገኝም።

መለኪያው ስሜት እንዳይሆን ደግሞ ፈተና አለ። ለእነዚህ አመልካቾች ሁለት ገጽ ትራያል ባላንስ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት የሒሳቦች ዝርዝር፣ ሰጠኋቸው፤ ሦስት ስህተት ተቀብሮበታል፣ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። በወረቀቱ ላይ ዴቢትና ክሬዲቱ በ270 ይለያያል። የ43 ወሯ አመልካች እርሳሷን አንስታ ልዩነቱን ለ9 አካፈለችው። 30 ሆኖ ያለ ቀሪ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ድምሩን እንደገና አልደመረችም፤ የመቶና የአሥር ቤቱ የተገለበጠ ቁጥር ፍለጋ ወደ ዝርዝሩ ወረደች። 4,850 መሆን የነበረበት 4,580 ተብሎ ተጽፎ አገኘችው። ሁለት ጎረቤት አሃዞች ሲገለባበጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል፤ ይህን የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ሰዓት እየሮጠ ሳለ እጁ ሳያመነታ ወደዚያ የሚሄደው ግን ሒሳብ አልገጥም ብሎት ያመሸ ሰው ነው። የ8 ዓመቱ አመልካች ክፍያውን የሚመለከተውን ስህተት ከሁሉም ቀድሞ አገኘ። አገልግሎቱ በዓመቱ ውስጥ ተገኝቶ ደረሰኙ ያልመጣውን ወጪ ለመመዝገብ ሲደርስ ግን ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ 8 ዓመት ሙሉ ያንን እንዲሠራ የጠየቀው ስለሌለ ነው።

«አንዴ መስመሩን ከለቀቅን ማቆሚያ የለውም። ዛሬ 4 እንቀበላለን፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ ምንም።»

ማቆሚያ አለው። እኔ የምቆምበትን እናገራለሁ፤ በሥራ ላይ ያገኘሁት ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ከተጠየቀው አንድ ሦስተኛ ድረስ የጎደለውን አያለሁ። 5 ዓመት ከተጠየቀ ወደ 3 ዓመት ከ4 ወር፣ 10 ከተጠየቀ ወደ 6 ዓመት ከ8 ወር መሆኑ ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ ያለን ሰው ዓመቱ ብቻ አይጥለውም፤ ዓመቱ ብቻ ግን አያሳልፈውም፣ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ከግማሽ በታች የሆነውን በዚያ ማስታወቂያ አላየውም። ያኔ ጥያቄው ስለ አመልካቹ መሆኑ ይቀርና ስለ ሥራ መደቡ ይሆናል፤ ኃላፊው በዚያ ደረጃ ያለ ሰው ይበቃኛል ካለ መደቡ ዝቅ ብሎ፣ ደመወዙም ኃላፊነቱም ተስተካክሎ እንደገና ይወጣል። በአንድ ሦስተኛውና በግማሹ መካከል ያለው ያስቸግራል። እዚያ የምገባው አመልካች ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ገብቼም ያልተጸጸትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ አንድ ሦስተኛ ግን በሁሉም ቁጥር ላይ እኩል አይሠራም። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ የሒሳብ መደብ 2 ዓመት ጠይቀን 9 ወር የሠራ ወጣት አስቀጠርኩ። ብሩህ ልጅ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ከሁሉም የተሻለ የመለሰ እሱ ነው። የጎደለው 15 ወር ነው፤ አሁን ካሳለፍኳት አመልካች ጉድለት በሁለት ወር ያንሳል። ያ 9 ወር ግን ከአንድ ዓመት መዝጊያ በኋላ ጀምሮ ከሚቀጥለው በፊት ያለቀ ነበር። ዓመት ሲዘጋ አይቶ አያውቅም። መዝጊያው ሲደርስ ደንበኞች ለሚቀጥለው ዓመት አገልግሎት አስቀድመው የከፈሉትን ገንዘብ በሙሉ የዘንድሮ ገቢ አድርጎ ተወው። እያንዳንዱ ደረሰኝ በትክክል ተመዝግቧል፣ ዴቢትና ክሬዲቱ ገጥሟል፤ ስለዚህ በየወሩ የሚያየው ሁሉ ልክ ይመስል ነበር። ስህተቱን ያገኙት የውጭ ኦዲተሮቹ ናቸው። መዝገቡን መልሶ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ልጁም በዚያ ሦስት ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ ነበር የሚሠራው። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ያላየውን ነገር እንዲያውቅ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ያለ ወር ከላይኛው ይከብዳል። በመጀመሪያው ዓመት ሰው በየወሩ አዲስ ነገር ያያል፤ በሰባተኛው ዓመት የሚያየው አብዛኛው ቀድሞ ያየው ነው። ማክዳንኤል፣ ሽሚትና ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናትም ልምድ ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና ጎልቶ የሚታየው ሠራተኞቹ በአማካይ ጥቂት ዓመት ብቻ በሠሩባቸው ቦታዎች እንደሆነና ዓመቱ እየጨመረ ሲሄድ እንደሚደክም አሳይቷል። ስለዚህ 10 ሲጠየቅ 3 ዓመት የጎደለውን ሳልጨነቅ አያለሁ፤ 2 ሲጠየቅ ግን 8 ወር የጎደለውም ያስጨንቀኛል። በእንዲህ ያለው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሥራው አንድ ሙሉ ዙር ካለው ያንን ዙር ቢያንስ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለፍ አለበት። ለሒሳብ ሰው ዙሩ ዓመቱ ነው። ለመምህር ከምዝገባ እስከ ማጠቃለያ ፈተና ነው። ለግንባታ መሐንዲስ ከመሠረት ቁፋሮ እስከ ርክክብ ነው፤ ይህ ከሁለት ዓመት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ሁለት ዓመት የሠራ መሐንዲስ አንድም ርክክብ ሳያይ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ወጣትና የ43 ወሯን አመልካች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ የወሩ ብዛት አልነበረም፤ በጎደለው ወር ውስጥ ምን ነበረ የሚለው ነው። ወጣቱ የጎደለው የዓመት መዝጊያ ነበር። መዝጊያ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ሥራ ላይ ሆኖ እስኪለምደው የመጀመሪያው ጥፋት ይቀድመዋል። የ43 ወሯ አመልካች ከተጠየቁት ሦስት ነገሮች የጎደላት ሰው መምራት ብቻ ነው። እሱ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስህተቱ ቶሎ ይታያል፣ በሳምንት ውስጥ ይታረማል። የክፍሉ ኃላፊም ሁለቱ ጀማሪዎች ለስድስት ወር ለራሷ ሪፖርት እንዲያደርጉ፣ ከዚያ ወደ አዲሷ ባለሙያ እንዲዛወሩ ተስማማች። ይህን ማመቻቸት የሚችል ሰው በክፍሉ ባይኖር ኖሮ ያው 17 ወር ትልቅ ጉድለት ይሆን ነበር። በዚህ የተነሳ ለአንዱ መሥሪያ ቤት የሚመጥን አመልካች ለሌላው ላይመጥን ይችላል፤ የላይ ተቆጣጣሪ የሌለበት ብቸኛ የሒሳብ ሰው ሲፈለግ እኔም ወደ ጸሐፊው መስመር እጠጋለሁ።

ማመልከቻ ሲበዛ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም የሚል ነገርም በጽሑፉ መሐል አለ። ይቻላል፤ ማመልከቻ ቅጹ ላይ «ስንት ዓመታዊ ሒሳብ በራስዎ ኃላፊነት ዘግተዋል?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ይበቃል። መልሱን ማንበብ ዓመቱን ከማንበብ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

«መስመሩን አምኖ ያላመለከተው ሰው ይበደላል። 4 ዓመት ኖሮት 'አላሟላም' ብሎ ቤቱ የቀረውን ማን ይክሰዋል?»

እዚህ ላይ ትክክል ናቸው፤ ከጽሑፉ ሁሉ የከበደኝም ይህ ነው። «ቢያንስ 5 ዓመት» ብሎ አውጥቶ 3 ዓመት ከ7 ወር ያላትን መቅጠር ቃሉን ላከበረው ሰው በደል ነው። ደፍሮ ያመለከተ ብቻ ይጠቀማል፤ ወይም ከውስጥ «ግድ የለም፣ አስገባ» የተባለ። መስፈርቱን አላላሁ ያለ ሁሉ ለማን እንዳላላ ይጠየቅ የሚሉት ተገቢ ነው። በየቢሮው ይህ ለዘመድ በር መክፈቻ ሲሆን አይቻለሁ።

ከዚያ የሚወጣው መደምደሚያ ላይ ግን እንለያያለን። በደሉ የሚመጣው አንድ ነገር ጽፎ ሌላ ነገር ከማድረግ ነው። መፍትሔውም ወሰኑን ማመልከቻ ከመምጣቱ በፊት መወሰንና ለሁሉም እንዲታይ መጻፍ ነው። በዚህ ቅጥር ላይ ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር፦ «የሥራ ልምድ፦ 5 ዓመት ገደማ። ከዚህ ያነሰ ልምድ ያለው ሆኖ ቢያንስ 2 ዓመታዊ ሒሳብ በራሱ ኃላፊነት የዘጋና ከውጭ ኦዲተር ጋር የሠራ ማመልከት ይችላል።» ከ5 ዓመት በታች ሆነው በዚህ ያመለከቱት አራት ነበሩ፤ አራቱም ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ተፈተኑ፣ ሁለቱ ወደቁ። ማስታወቂያው በ«ቢያንስ» ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እሷን አላሳልፋትም ነበር። ሰው ካልተገኘ ቃሉ ተስተካክሎ እንደገና ይወጣል፤ 4 ዓመት ይዞ ቤቱ የቀረውም ያኔ ያመለክታል።

ፈጽሞ የማይነካ መስመር ባለበት ሙያም የተደረገው ይህንኑ ይመስላል። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የመንገደኞች አየር መንገድ አብራሪ ለመሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። 1,450 ያለውን ማንም ቀጣሪ በራሱ ሥልጣን ሊያሳልፈው አይችልም፤ መቻልም የለበትም። ደንቡ ራሱ ግን ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመጀመር በወታደራዊ አብራሪነት ለሠለጠነ 750፣ ከተፈቀደለት ተቋም የአራት ዓመት የአቪዬሽን ዲግሪ ላለው 1,000፣ የሁለት ዓመት ላለው 1,250 ሰዓት ብሎ አስቀምጧል። መለኪያው ዓመት አይደለም፣ ሰዓት ነው። ከ1,500 ስንት ሊጎድል እንደሚችልና ጉድለቱን ምን እንደሚተካው ደግሞ ማንም ከማመልከቱ በፊት በጽሑፍ የታወቀ ነው። ፈቃድ ወይም ሕግ ዓመት የሚቆጥርበት መደብ ላይ ከተጻፈው ውጭ አንድ ወር አላላላም።

4 ዓመት ከ10 ወር ያለውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቹን ቀናት ራስዎ ይቁጠሩ፤ አመልካቹ የጻፈውን ድምር አይውሰዱ። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሠርቶ ወሩን ሁለቴ የቆጠረ አይቻለሁ፤ የሙከራ ጊዜው አይቆጠርልኝም ብሎ ከራሱ ላይ የቀነሰም አይቻለሁ። ያኔ 5 ዓመት ያለው 4 ከ2 ወር፣ 4 ከ10 ወር ያለውም 5 ዓመት ከ1 ወር ሆኖ ይገኛል።

ከወሰኑ በታች ያለ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ አጭር ማስታወሻ አስገባለሁ፤ ምን ጎደለ፣ ምን ተካው፣ ማን ወሰነ የሚል። ያልተቀጠረው አመልካች መጥቶ ቢጠይቅ የማሳየው እሱን ነው። የዚህኛው እንዲህ ይላል፦ «ከ60 ወር 17 ወር ይጎድላል። ሁለት ዓመታዊ ሒሳብ በራሷ ኃላፊነት ዘግታለች፣ በሁለቱም ለኦዲተሮች ያስረዳችው እሷ መሆኗን የቀድሞ ኃላፊዋ በስልክ አረጋግጧል። በተግባር ፈተና ከሦስት ስህተት ሦስቱን አግኝታለች። ሰው መርታ አታውቅም፤ ሁለቱ ጀማሪ ሠራተኞች ለስድስት ወር ለክፍሉ ኃላፊ ሪፖርት ያደርጋሉ። ውሳኔው የክፍሉ ኃላፊና የቅጥር ኮሚቴው ነው።»